ምዕራፍ ሰባት፦ የቃሬዛው የመጀመሪያ ትከሻ

መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሰው ሲታመም ምን እንደሚደረግ በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ጩኸት ይሰማል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቃሬዛው ይወጣል። አራት ሰዎች ያነሡታል። ጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት መንገድ ከሆነ ግን አራቱ ብቻቸውን አያደርሱትም። ትንሽ እንደሄዱ ሌሎች አራት ከጎን ይገቡና ሸክሙ መሬት ሳይነካ ከትከሻ ወደ ትከሻ ይተላለፋል። በዚህ ሥራ የተካነ ሰው የሚለየው በሚያቀብልበት ጊዜ ነው፤ በሽተኛው ሳይናወጥ ያቀብላል።

ይህ ምዕራፍ ራሱን የሚጎዳ ተማሪ ሲያጋጥም መምህራን የመጀመሪያ ዕርዳታ እንዲሰጡ ስለሚያዘጋጅ ሥልጠና ነው። የሥልጠናው ፍሬ ነገር በቃሬዛው ምሳሌ ውስጥ አለ፤ መምህሩ ሐኪም አይደለም፣ የመጀመሪያው ትከሻ ነው። ሥራው በሚገባ ማንሣት፣ ትንሽ መንገድ መሸከም፣ ከዚያ ሳያናውጡ ማቀበል ነው። በምዕራፍ ሦስት ድብርትን፣ በምዕራፍ አምስት ደግሞ የታዳጊውን አእምሮ አይተናል። ያኔ ስሜት ቶሎ እንደሚቀጣጠል፣ ልጓሙ ግን ገና በመጠንከር ላይ እንደሆነ ተነጋግረን ነበር። እዚህ ያ ስሜት ሲያይል በትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ እንመለከታለን።

ሥልጠናው ከየት መጣ?

የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚባለው ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 በአውስትራሊያ ነው። የጀመሩት ቤቲ ኪችነር እና አንቶኒ ጆርም የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ኪችነር ነርስና አስተማሪ ስትሆን ራሷም ድብርትን ታውቀዋለች፤ ጆርም የአእምሮ ጤና ተመራማሪ ነው። መነሻቸው ቀላል ጥያቄ ነበር፦ ለደማ ሰው ቁስሉን የሚያስር፣ ለወደቀ ሰው ትንፋሽ የሚሰጥ ተራ ዜጋ ማሠልጠን ከተቻለ፣ ለጨነቀው ሰውስ ለምን አይቻልም?

ስለ ራስን መጉዳት የሚሰጠው ክፍል የተመሠረተበት መመሪያ የተዘጋጀበት መንገድ ከሽምግልና ጋር ይመሳሰላል። በሁለት ጎራ ሰዎች ተመረጡ፤ በአንደኛው ወገን የሙያው ሰዎች፣ በሌላው ደግሞ ራሳቸው በችግሩ ያለፉ። ከእኛ ሽምግልና የሚለየው ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት አለመቀመጣቸው ነው። "ረዳቱ እንዲህ ቢያደርግ ይጠቅማል ወይ?" የሚሉ ብዙ ዓረፍተ ነገሮች ይላኩላቸዋል፤ እያንዳንዱም ለብቻው ይመዝናል። በዚህ መንገድ የአንድ ታዋቂ ፕሮፌሰር ድምፅ የሌላውን አይውጠውም። ከየጎራው 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆኑት አስፈላጊ ነው ያሉት ምክር ብቻ ወደ መመሪያው ይገባል። ስለዚህ በመመሪያው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ምክር የሐኪሙንም የባለ ጉዳዩንም ይሁንታ ያገኘ ነው።

አራጣው

ሥልጠናው የሚጀምረው የመምህሩን ግምት በማስተካከል ነው። ራስን መጉዳት ስንል ታዳጊው የገዛ አካሉን ሆን ብሎ መጉዳቱን ማለታችን ነው። እንዴት እንደሚደረግ እዚህ አልዘረዝርም። ደህና ሥርዓተ ትምህርትም አይዘረዝርም፤ ዝርዝሩ ከአሠልጣኝ ወደ መምህር፣ ከመምህር ወደ ክፍል ሲወርድ ያላሰበውን ልጅ ሊያስተምር ይችላልና።

ከተለያዩ አገሮች የተገኙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲደመሩ ከ100 ታዳጊዎች 17 ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሳቸውን እንደጎዱ ይናገራሉ። አብዛኞቹ ጥናቶች ከበለጸጉ አገሮች የመጡ ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ክፍል ማምጣት አይቻልም። ቢሆንም ነገሩ የአንድ ወይም የሁለት "እንግዳ" ልጆች ጉዳይ አለመሆኑን ያሳያል።

ብዙ መምህራን ሁለት ማብራሪያ ይዘው ወደ ሥልጠናው ይገባሉ። አንዱ "ልጁ ሊሞት ፈልጎ ነው" የሚል ነው፤ ሌላው "ሰው እንዲያየው ነው" የሚል። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ እውነትነት ይኖራቸዋል። ታዳጊዎቹ ራሳቸው አብዝተው የሚሰጡት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ሊሸከሙት ያልቻሉት ስሜት ለጥቂት ጊዜ ይቀልላቸዋል።

ይህን ለመረዳት አራጣ የተበደረን ሰው እናስብ። የቤት ኪራይ ደርሶበታል፤ አከራዩ በር ላይ ቆሟል። አራጣ አበዳሪው ገንዘቡን ወዲያው ይሰጠዋል፤ ለዛሬ ተነፈሰ። በሚቀጥለው ወር ግን ኪራዩ አለ፣ ዕዳው አለ፣ ወለዱም አለ። ራስን መጉዳትም እንዲሁ ነው። ጭንቀቱ ለጊዜው ይረግባል፤ ከዚያ ኀፍረት ይመጣል፤ መደበቅ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ጭንቀት ሳይፈታ ሌላ ይጨመርበታል። በሚቀጥለው ጊዜ ልጁ የሚያውቀው አበዳሪ አንድ ብቻ ስለሆነ ወደዚያው ይመለሳል።

ይህ ከገባን የመምህሩ ሥራ ይቀየራል። አራጣ የተበደረን ሰው "ሁለተኛ እንዳትበደር፣ ማልልኝ" ብንለው ኪራዩን አልከፈልንለትም። ይልቁን ሲቸግረው ከእኛ እንዲሸሽ አደረግነው። ስለዚህ መመሪያው መምህሩን "ድርጊቱን አስቁም" አይለውም፤ "ጭንቀቱን ስማ" ነው የሚለው። ማስማል፣ ማስፈረም፣ መቅጣት፣ እናትን እያነሡ ማሳፈር ሁሉ በማይደረጉት ዝርዝር ውስጥ ናቸው።

ማንሣት፦ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች

ከዚህ በኋላ ሥልጠናው ልምምድ ነው። ቃሬዛ ማንሣት በንግግር እንደማይለመድ ሁሉ ይህም አይለመድም። ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት አሠራር ሦስት ሦስት ሆኖ መቀመጥ ነው፤ አንዱ መምህር፣ አንዱ ተማሪ፣ ሦስተኛው ታዛቢ። ታዛቢው አንድ ነገር ብቻ ይቆጥራል፤ መምህሩ ስንት ጊዜ እንደመከረ። በመጀመሪያው ዙር ቁጥሩ ብዙ ነው፤ መምህር መምከር ይወዳል። ዓላማው በሦስተኛው ዙር ወደ ዜሮ ማውረድ ነው።

ለልምምድ የተቀናበረ አንድ ታሪክ እንከተል። መምህርቷ የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ታስተምራለች። ወሩ መጋቢት ነው፤ ሙቀቱ ከባድ ነው። አንዲት ተማሪዋ ሹራቧን አታወልቅም፤ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ቀርታለች፤ ከጓደኞቿ ተነጥላ ትቀመጣለች። አንድ ቀን መምህርቷ ደብተር ስትሰበስብ የልጅቷ እጅጌ ሸሸት ሲል የጉዳት ምልክት አየች።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይፈጸማል። አንዱ ክፍል ውስጥ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ክንዷን መያዝ ነው። ሁለተኛው እንዳላዩ ማለፍ ነው። በሥልጠናው የሚለመደው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ በዕለቱ፣ ለብቻ፣ የታየውን ብቻ መናገር። መምህርቷና ልጅቷ ከክፍል በኋላ ሰው ከማይሰማበት፣ ግን ሰው ከሚያያቸው ቦታ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

"ከስፖርት ከቀረሽ ሁለት ሳምንት ሆነሽ። ዛሬ ደግሞ ክንድሽ ላይ ጉዳት አየሁ። አልተቆጣሁም፤ አሳስቦኛል።"

"ድመት ነው ቲቸር፣ ቧጭሮኝ ነው።"

ብዙ ሠልጣኝ እዚህ ላይ መርማሪ ይሆናል፤ "እስቲ አሳዪኝ" ይላል። መመሪያው ይህን ይከለክላል። ቁስሉን ማሳየት አለማሳየት የልጅቷ ፈንታ ነው። የሚያሠጋ ጉዳት ካለ፣ ብዙ ደም የሚፈስ ከሆነ ወይም የዋጠችው ነገር ካለ ግን ውይይቱ ይቆማል፤ ደህና መስላ ብትታይ እንኳ ወዲያው ወደ ሕክምና ትወሰዳለች። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ መምህርቷ በሩን ክፍት ትታ ትሄዳለች።

"እሺ። ሌላ ነገር ከሆነም ልትነግሪኝ ትችያለሽ። ነገ በዚሁ ሰዓት እዚህ እገኛለሁ።"

በማግስቱ ልጅቷ መጣች። አንዳንዷ ግን በማግስቱ አትመጣም፤ ሳምንት ይፈጃል። መምህሩ የሚመዘነው በመጀመሪያው ቀን ባገኘው መልስ አይደለም። እገኛለሁ ባለው ሰዓት ላይ በመገኘቱ ነው።

መሸከም፦ ሁለቱ ከባድ ዓረፍተ ነገሮች

ልጅቷ መናገር ስትጀምር ሁለት ነገሮች መምህሩን ይፈትኑታል። የመጀመሪያው ምስጢር ነው።

"ለማንም እንዳይነግሩብኝ፣ ቲቸር። ቃል ይግቡልኝ።"

አዛኝ ሰው እዚህ ላይ ቃል ይገባል፤ ከሁለት ቀን በኋላም ያፈርሰዋል። ያን ጊዜ ልጅቷ የምትማረው ትልቅ ሰው እንደማይታመን ነው። ስለዚህ ሠልጣኞች መልሱን አስቀድመው ይለማመዱታል፦

"በአስተማሪዎች ክፍል ወሬ አይሆንም፤ ጓደኞችሽም ከእኔ አይሰሙም። ደኅንነትሽን የሚመለከት ነገር ከሆነ ግን ብቻዬን ልይዘው አልችልም። ለማን እንደምነግርና ምን እንደምል አስቀድሜ ለአንቺ እነግርሻለሁ።"

ሁለተኛው ፈተና ስለ ሞት መጠየቅ ነው። ሠልጣኞች እዚህ ላይ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ ወይም ጥያቄውን አጣመው "እንዲህ ያለ ነገር አታስቢም አይደል?" ይላሉ። ይህ አጠያየቅ "አላስብም" የሚለውን መልስ አስቀድሞ ለልጅቷ ይሰጣታል። ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ይዘራል የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም ለሥልጠና የዋለው መመሪያም ይህንኑ ይላል፤ መጠየቅ ድርጊቱን አይቀሰቅስም፤ ብዙ ጊዜ ጭንቀቱን ቀንሶ ሰውየው ሰው እንደተረዳው እንዲሰማው ያደርጋል። ስለዚህ መምህርቷ በግልጽ ጠየቀች።

"አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲጨንቀው መሞትን ያስባል። አንቺስ ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?"

"አንዳንዴ ምነው ባልነቃሁ እላለሁ። ግን ለመሞት ብዬ አይደለም የማደርገው።"

"አሁንስ፣ ሕይወትሽን ለማጥፋት ያሰብሽበት መንገድ ወይም ቀን አለ?"

"የለም።"

መልሱ "አለ" ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ለአፍታም ብቻዋን አትተውም፤ ርክክቡ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሆናል። "የለም" ስትልም ነገሩ አላለቀም። ራሱን የሚጎዳ ታዳጊ ዛሬ ሞትን ባያስብ እንኳ ወደፊት በራስ ማጥፋት የመሞት ዕድሉ ከሌሎች ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ "ለመሞት አይደለም" የሚለው ቃል ለመምህሩ ዕረፍት አይሰጠውም። ርክክቡ በዕለቱ ይፈጸማል።

ማቀበል

የሥርዓተ ትምህርቱ እጅግ ጠቃሚ ክፍል ይህ ነው፤ በብዙ ሥልጠና ግን የመጨረሻው ቀን ማምሻ ላይ፣ ሰው ቦርሳውን ሲያነሣ፣ በአንድ ስላይድ ይታለፋል።

መምህርቷ ልጅቷን "ጋይዳንስ ቢሮ ሂጂ" ብላ አልላከቻትም። "አብረን እንሂድ? እኔ ልጀምርልሽ ወይስ ራስሽ ትናገሪያለሽ?" አለቻት። ልጅቷ መምህርቷ እንድትጀምር ፈለገች። ከአማካሪው ፊት መምህርቷ የተናገረችው ሦስት ነገር ነው፤ ያየችውን፣ ልጅቷ በራሷ ቃል ያለችውን፣ አሁን የምትፈልገውን። ከዚያ በኋላ ይህንኑ በግማሽ ገጽ ጻፈች፤ ወረቀቱም ተቆለፈ። ግምት አልጻፈችም። "አደጋዋ ከፍተኛ፣ መካከለኛ" የሚል ደረጃም አልሰጠችም። መምህር ውጤት መስጠት ልማዱ ስለሆነ ይህ ሊከብደው ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ ራሳቸው ሐኪሞቹን እንኳ ማን ራሱን ደግሞ እንደሚጎዳ ወይም እንደሚያጠፋ በነጥብ መስጫ ቅጽ እንዳይተነብዩ ይከለክላል፤ ቅጾቹ በትክክል አይለዩምና።

ቀጥሎ ወላጅ አለ። እናትና አባት ብዙ ጊዜ ዋናዎቹ ተሸካሚዎች ናቸው። ደንግጠው ልጃቸውን የሚመቱም አሉ። ስለዚህ ሥልጠናው "ለወላጅ ንገሩ" ብሎ አያቆምም። መጀመሪያ ልጅቷ ትጠየቃለች፦ "ከቤት ለማን ቢነገር ይሻልሻል? ሲሰሙ ምን ያደርጋሉ ብለሽ ትፈሪያለሽ?" በታሪካችን ልጅቷ አክስቷን መረጠች። እናቷ የሰሙት አክስቷ ባሉበት፣ ከአማካሪው ቢሮ፣ "ልጅዎ አልባለገችም፤ ጨንቋት ነው" ከሚል ቃል በኋላ ነው። ጭንቀቱ የሚመጣው ከቤት ውስጥ ጥቃት ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ልጅ የሚጠበቅበትን ሕጋዊ መንገድ ይከተላል እንጂ ልጅቷን መልሶ ለአጥቂዋ አይሰጥም።

እናቷ "ጸበል ልውሰዳት" አሉ። የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ ዕርዳታ አምስት ተግባራት አሉት፤ ቀርቦ አደጋን መለየት፣ ሳይፈርዱ መስማት፣ ማጽናናትና ማስረዳት፣ ወደ ባለሙያ መምራት፣ ሌሎች ደጋፊዎችን ማሰባሰብ። ጸበሉ፣ የንስሐ አባቱ፣ ኡስታዙ በአምስተኛው ውስጥ ቦታ አላቸው። አማካሪው ስለዚህ ክርክር አልገጠመም፤ "ጸበሉም ይሁን፤ ሐሙስ ደግሞ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ" አለ።

ቃሬዛው መንገድ ላይ ሲቀር

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። መምህራንን ማሠልጠን ተማሪዎችን ይለውጣል?

በደቡብ አውስትራሊያ 14 ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተደረገ ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ዕጣ በማውጣት አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ቀድመው ሠለጠኑ፤ ሌሎቹ እንዲጠብቁ ተደረገ። የሠለጠኑት መምህራን ዕውቀት ጨመረ፤ ልበ ሙሉነታቸው ጨመረ፤ አንዳንድ የማግለል አስተሳሰባቸው ቀነሰ። ለውጡም በአብዛኛው ከስድስት ወር በኋላ አልጠፋም። ተማሪዎቹም ከመምህራኖቻቸው ስለ አእምሮ ጤና የበለጠ እንደሰሙ ተናገሩ። ይሁንና መምህራኑ ለተቸገሩ ተማሪዎች በግል የሚሰጡት ድጋፍ አልጨመረም፤ የተማሪዎቹ የአእምሮ ጤናም አልተለወጠም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የአውሮፓ ጥናት ደግሞ ሰፋ ያለ ነው። በ168 ትምህርት ቤቶች ከ11,000 በላይ ተማሪዎች ተሳትፈውበታል። በአንደኛው ቡድን መምህራን የተጨነቀ ተማሪን ለይተው ወደ ዕርዳታ እንዲመሩ ሠለጠኑ፤ በሌላው ቡድን ተማሪዎቹ ራሳቸው በውይይትና በድራማ መልክ ስለ አእምሮ ጤና ተማሩ። ከዓመት በኋላ ራስን ለማጥፋት የሚደረገው ሙከራ ጎልቶ የቀነሰው ተማሪዎቹ በተማሩበት ቡድን ነው። መምህራኑ ብቻ የሠለጠኑበት ቡድን ከማነጻጸሪያው ቡድን ጎልቶ አልተለየም።

ከዚህ ተነሥቶ "ሥልጠናው አይጠቅምም" ማለት ይቻል ይሆን? በቃሬዛው ምሳሌ ብናየው መልሱ ይገለጣል። የመጀመሪያዎቹን አራት ሰዎች ብቻ አሠልጥነን፣ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀበላቸው ካላዘጋጀን፣ በሽተኛው መንገድ ላይ ይቀራል። የሚጮኽ ሰው ካላስተማርንም ቃሬዛው ጭራሽ አይወጣም። የታዳጊን ምስጢር ቀድሞ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ጓደኛው ነው። መምህሩ በመካከል ያለ አንድ ትከሻ እንጂ መንገዱ ሁሉ አይደለም።

ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርቱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቢጻፍ ይሻላል። መጀመሪያ ተቀባዩ ይታወቅ፤ በየትኛው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ሠራተኛ እንዳለ፣ በየትኛው ቀን እንደሚገኝ፣ ስልኩ። ቀጥሎ በትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ኃላፊና አንድ ምትክ ይሰየሙ። በደቡብ አውስትራሊያው ሙከራ እንኳ ሥልጠናው በሁለት ቀን ተከፍሎ ነበር፤ የመጀመሪያው ለሁሉም ሠራተኛ፣ ሁለተኛው በተለይ የተማሪዎች ደኅንነት ኃላፊነት ላለባቸው። ይህ አከፋፈል ለእኛም ይሠራል፤ ጥበቃውም የሒሳብ መምህሩም ማንሣትን ይማራሉ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ መቀበልን። ከዚያ በኋላ ተማሪዎች ይማራሉ፤ የጓደኛን ምስጢር ወደ ትልቅ ሰው ማምጣት ክሕደት አለመሆኑን።

ሥልጠናው መሥራቱ የሚታወቀውም በመጨረሻ ፈተና ውጤት አይደለም። በወሩ መጨረሻ ሦስት ነገር ይቆጠራል፤ ስንት ልጅ ወደ ኃላፊው መጣ፣ ከእነዚህ ስንቱ ጤና ተቋም ደረሰ፣ ስንቱን ያነሣው መምህር በሳምንቱ "እንዴት ነሽ?" ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው ቁጥር ከፍ ብሎ ሁለተኛው ዝቅ ካለ፣ መምህራኑን እንደገና ማሠልጠን መፍትሔ አይሆንም፤ የተሰበረው ርክክቡ ነው።

ይህን የምታነቡ መምህራን ከሆናችሁ፣ ወደ ሥልጠና ከመሄዳችሁ በፊት ነገ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ርዕሰ መምህራችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ "አንድ ልጅ ዛሬ ቢነግረኝ ከእኔ የሚቀበለኝ ማን ነው?" የሰው ስም ከተሰጣችሁ ሥራው ተጀምሯል። ምናልባት ደግሞ የምታነቡት በልጅቷ ቦታ ሆናችሁ ከሆነ፣ ከምታምኑት አንድ ትልቅ ሰው ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሩ፤ ሸክሙን ብቻውን የሚሸከም ሰው በቃሬዛ ሥርዓት የለም።